ስለ ክራር ምንም ሳላውቅ ስጦታ ላስመረጠኝ ልጅ

የእህቴ ልጅ ክራር መማር ከጀመረች አራት ወሯ ነው። ልደቷ ሲደርስ ለክራሯ የሚሆን ነገር ልግዛላት አልኩ። እኔ ግን ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የማውቀው ሲነካ እንደሚጮህ ብቻ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ምን እንደምትጫወት እንኳን ሳይጠይቁኝ "ለጀማሪ ይሄ ነው" ብለው ካፖ የሚባል መቆንጠጫ አወጡልኝ። ልከፍል ስል ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ፣ እግዜር ሲያወጣኝ።

ይሄን የሚያስጽፈኝ ሁለተኛው ሱቅ ያገኘሁት ሻጭ ነው። ካፖ ስለው "ጋሼ፣ ጊታር ነው የምትጫወተው?" አለኝ። ክራር ነው ስለው ሳቀ። ካፖ ለካ የጊታር አንገት ላይ ተቆንጥጦ ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን ነገር ነው፣ ክራር ደግሞ አንገት የሚባል ነገር የለውም፣ ክሩ ከታች ተነስቶ እስከ ቀንበሩ ድረስ አየር ላይ ነው የተወጠረው። ክር ልግዛላት ብል ደግሞ ውፍረቱን ሳናውቅ አይሆንም አለኝ። "ፎቶ አለዎት?" አለ። እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ።

መቃኛውን አይቶ "ይሄ ቶሎ ቶሎ ይላላል፣ ቃኝቶ የሚሰጣት ሰው ቤት አለ?" አለኝ። የለም። ያኔ ነው ቲዩነር ያወጣው፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች ትንሽ ዕቃ። ሱቁ ውስጥ ያለ ክራር ቀንበር ላይ ቆነጠጣትና አንዱን ክር ነካ። C የሚል ፊደል መጣ፣ መርፌው ወደ ግራ ዘመም አለ። ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ትንሽ ሲያጠብቀው መርፌው መሃል ገብቶ አረንጓዴ በራ። በቃ፣ እኔም ገባኝ! የስልክ አፕም እንዳለ አልደበቀኝም፣ ግን አፑ የሚሰማው በማይክ ስለሆነ አምስት ክራር አንድ ላይ በሚቃኝበት ክፍል ግራ ይጋባል፣ ይቺ ግን የእንጨቱን ንዝረት ነው የምታነበው።

አንድ ነገር አደራ ብሎኛል። ቲዩነሯ ስትገዛ ጊታር ላይ ተደርጋ ልትመጣ ትችላለች፣ እንደዚያ ከሆነች የጊታርን ክሮች ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ስለዚህ ሁሉንም ድምጽ ወደሚያነበው CHROMATIC ወደሚለው መቀየር አለባት። ሁለተኛ፣ አስተማሪዋ ከየትኛው ፊደል እንደሚነሳ ትጠይቅ አለ፣ ምክንያቱም ክራር ለዘፋኙ ድምጽ ተብሎ ከፍም ዝቅም ይደረጋል። ከC ከተነሳ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት C፣ D፣ E፣ G፣ A ነው፣ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያው C ከፍ ብሎ ሲደገም ነው። ወደ ማይነር ለመሄድ Eን እና Aን በግማሽ ድምጽ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ሰጠኝ፣ ለወረቀቱ አላስከፈለኝም 😄

ልጅቷ አሁን ራሷ ትቃኛለች። የኔ ወንድም፣ እጅህ ይባረክ!

የሱቁን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የመሣሪያውን ፎቶ ያዙ፣ ያለዚያ ሳይሸጥላችሁ ይመልሳችኋል።