የሕመም ፈቃድ ክፍያ ወይስ የጤና ጉድለት ጡረታ? ለኮምቦልቻ ሠራተኛ የሚሆን ንጽጽር

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲታመም ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ደመወዙ ይቀጥላል ወይ?" ብሎ ነው። ሕመሙ ሲረዝም ደግሞ "ለምን ጡረታ አይወጣም?" የሚል ምክር ይመጣል። ሁለቱ ከአንድ ቦታ የሚወጡ ገንዘቦች አይደሉም። የሕመም ፈቃድ ክፍያ ከአሠሪው ኪስ ይወጣል። ጡረታው የሚከፈለው ሠራተኛው በየወሩ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ካዋጡበት ፈንድ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የራሱ ሕግ ስላለው አልነካውም።

አንድ መካኒክ እንውሰድ። 12,000 ብር ደመወዝ አለው፣ 14 ዓመት አገልግሏል። የወገብ ዲስክ አሞት ተኛ እንበል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። ቆጠራው ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ይነሣል። በተከታታይም ይሁን በየጊዜው ቢወስደው ይደመራል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፤ 12,000 ብር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ግማሽ፣ ማለትም ስድስት ስድስት ሺህ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ሥራው ይጠበቅለታል እንጂ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ቢተኛ የሚያገኘው 24,000 ብር ነው። ብዙ ሰው "ስድስት ወር ፈቃድ አለኝ" ሲል ስድስት ወር ደመወዝ ያለው ይመስለዋል። አራተኛው ወር ላይ ነው የሚደነግጠው።

ይህን ክፍያ የምታጸናው ወረቀቷ ናት። ማስረጃው በመንግሥት ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ መሆን አለበት። ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክም ይሆናል፣ የግድ ሆስፒታል አያስፈልግም። በወሎ ጠበል የሚገባ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ በሽተኛ ብዙ ነው። እምነቱ መብቱ ነው፤ ግን ለእነዚያ ቀናትም የሐኪም የዕረፍት ወረቀት ቢይዝ ይጠቀማል። አሠሪው ሕመሙን ካላወቀ ደግሞ በቀረ ማግሥት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ካልቻለ ሰው ይላክ፣ ስልክ ያስደውል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በቀን ክፍተት ነው። የመካኒካችን የመጀመሪያ ወረቀት እስከ 10ኛው ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ለወገቡ ስለከበደው ቀጠሮው አልፎ ሄደና ሁለተኛው ወረቀት ከ13ኛው ቀን ጀመረ። 11ኛውና 12ኛው ቀን ባዶ ቀሩ። ድርጅቱ እነዚያን ቀናት ያለ በቂ ምክንያት እንደ መቅረት ሊይዛቸው ይችላል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ከካርድ ክፍል ሳትወጡ ሦስት ነገር እዩ፤ ስም እንደ መታወቂያው መሆኑን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማኅተም መኖሩን። ፎቶ ኮፒውን ቤት አስቀሩ፣ ዋናውን አስፈርማችሁ ስጡ።

ጡረታው ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። የዕረፍት ወረቀት "ይህ ሰው ለጊዜው አይሥራ" ይላል። ለጤና ጉድለት ጡረታ ግን ሰውየው ለሥራ ብቁ አለመሆኑን የሐኪሞች ቦርድ መወሰን አለበት። የአንድ ሐኪም የዕረፍት ወረቀት ሃያ ጊዜ ቢታደስም የቦርድ ውሳኔ አይሆንም። 10 ዓመት አገልግሎትም ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ያገለገለ የዕድሜ ልክ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚያገኘው።

ስሌቱ የሚነሣው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት 30 በመቶ ይያዛል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የመካኒካችን አማካይ 10,000 ብር ቢሆን፣ 14 ዓመቱ 35 በመቶ ያሰጠዋል፤ በወር 3,500 ብር። ከሕመም ፈቃዱ የመጀመሪያ ወር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን ዕድሜ ልክ ነው፣ ያኛው ሦስተኛው ወር ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ይድናል ተብሎ ለሚጠበቅ ሕመም ፈቃዱን ያዙ፣ ስለ ጡረታ አታንሡ። ሐኪሙ "ወደ ከባድ ሥራ አትመለስም" ማለት ከጀመረ ግን ስድስተኛውን ወር አትጠብቁ። በሦስተኛው ወር፣ ግማሽ ደመወዝ ገና እየገባ ሳለ፣ ወደ ቦርድ እንዲልካችሁ ጠይቁት።

እስከዚያው የመልቀቂያ ደብዳቤ አትጻፉ። በጣም የማዝነው በዚህ ነው። ሕመምተኛው ተሰላችቶ "በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ" ብሎ ይፈርማል። መካኒካችን እንዲህ ቢፈርም 3,500 ብሩ አሁን አይጀምርለትም፤ የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስ ይጠብቃል። ከሥራ ሲሰናበት ደብዳቤው ላይ የስንብቱ ምክንያት በቦርድ የተረጋገጠ የጤና ጉድለት መሆኑ መጻፉን አንብቦ ይፈርም።