«የ1967 ቅጂ» ተብሎ የሚሸጥ ካሴት ሳትገዙ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ስሙት

የድሮ ካሴት የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እኔ የከፈልኩትን 6,000 ብር እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ሻጩን ያገኘሁት በቴሌግራም ነው። በ1967 ዓ.ም. ተቀርጾ ሳይወጣ የቀረ ዘፈን ነው አለኝ። ለናሙና የላከልኝ የመግቢያውን 20 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ክራር፣ ከሥሩ ደግሞ ሿ የሚል የቴፕ ድምፅ። «የዘመኑ ምስክር ይሄ ነው» ሲለኝ አመንኩት።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ሿ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከቴፑና ከመቅረጫው ነው፤ ስለ ዘፈኑ ዕድሜ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት የተሠራ ዘፈን ካሴት ላይ ብትገለብጡት ማታ ሿ እያለ ይጫወትላችኋል።

ቤት ገብቼ ስከፍተው፣ ክራሩ እንዳበቃ ድራሙ ገባ። ቤዝ ድራሙ እንደ ቆዳ ከበሮ «ዱብ» ብሎ አይቆምም፤ «ዱምምም» እያለ ተጎትቶ ነው የሚጠፋው። ይህ ሮላንድ ቲአር-808 የሚባለው የድራም ማሽን ድምፅ ነው። ማሽኑ የወጣው በፈረንጆች 1980፣ በእኛ 1972 ወይም 1973 ነው። በ1967 ሊኖር አይችልም።

ሻጩን ስጠይቀው «ድራም ማሽን ያኔም ነበር» አለኝ። እውነት ነው፣ ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ ግን በአብዛኛው ሩምባና ዋልዝ የመሳሰሉ ምቶች ተሞልተውላቸው የሚመጡ ሣጥኖች ናቸው፤ አንዱን ምት ከመነሻ እስከ መድረሻ ይደግሙታል፣ ድምፃቸውም ቀጭን ነው። እኔ የሰማሁት ችክችካ እየመታ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ምቱን ይለውጣል።

የባሰው ድምፁ ነው። ዘፋኙ ቅላጼውን ሲያረዝም፣ የእኛ ሰው ጉሮሮ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተና እየተንቀጠቀጠ መውረድ ሲገባው፣ እንደ ደረጃ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወረደ። ይህ ኦቶ ቲዩን የሚባለው፣ የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የሚያስተካክል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ነው። እሱ ደግሞ በፈረንጆች 1997፣ በእኛ 1989 ወይም 1990 የመጣ ነው። ስለዚህ ያ ድምፅ የተቀረጸው፣ ቢያንስ የተስተካከለው፣ ከዚያ ወዲህ ነው። የ808 ድምፅ ዛሬም በኮምፒውተር ስለሚሠራበት፣ ድራሙ ብቻውን ቢሆን «ከ1972 በፊት አይደለም» ከማለት ሌላ አያስኬድም ነበር።

ሳትከፍሉ ዓመተ ምሕረቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጠይቁ። ካሴቱ ላይ «1975» ቢልና የእኛ ቢሆን በፈረንጆች 1982 ወይም 1983 ነው፤ 808 ቢሰማበት አያስገርምም። የፈረንጆች ከሆነ ግን ውሸት ነው።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም፣ አሁን ዘግቶኛል። ያንኑ የክራር መግቢያ ለናሙና የላከላችሁ ሰው ካለ፣ አዝማቹ ያለበትን ክፍል ላክልኝ በሉት።