የዓይን ማዝ ነው ወይስ የውስጥ ብግነት?

ቀይ ዓይን ሁሉ ማዝ አይደለም። ማዝ ጠዋት ሽፋሽፍትን ያጣብቃል፤ ከባክቴሪያ ሲሆን አይናሩ ወፍራምና ቢጫ፣ ከቫይረስ ሲሆን ውሃ መሰል ነው። አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል እንጂ ጠልቆ አያምም። አለርጂን የሚያሳብቅበት ማሳከኩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዓይኖች አብረው ያሳክካሉ፣ ያነባሉ። በማዝም ሆነ በአለርጂ እይታ ቢደበዝዝ፣ አይናሩ ሲጠረግ ወይም ዓይን ሲርገበገብ ይጠራል።

ዩቪያይትስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት ግን ሌላ ነገር ነው። ቢያነባም የሚያጣብቅ አይናር የለውም። ሕመሙ ከውስጥ የሚጠዘጥዝ ነው፣ ብርሃን ያስጨንቃል፣ ቅላቱ በጥቁሩ ዙሪያ ይበረታል፣ ብዥታውም ቢያርገበግቡት አይለቅም።

ቀኝ ዓይኗ ለሦስት ቀን የቀላባትን ሴት እናስብ። አይናር የለም፣ ማሳከክም የለም። የታመመውን ዓይን በእጇ ሸፍና ጤነኛውን ወደ ብርሃን ስታዞር የተሸፈነው ያማታል። ሁለቱ ብሌኖች አብረው ስለሚጠቡ በብግነት የተቆጣው የብሌን ጡንቻ ይሳባል። ይህ ምልክት ባይኖርም ግን ብግነት የለም ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለው ሕመም ወይም የማይለቅ ብዥታ ካለ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ወዲያው ያውልቀው፤ መንስኤው ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን ቁስለት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሰጋው ከጎረቤት የተዋሱት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ካለበት ቅላቱን ያበርዳል፣ ግን በሄርፒስ ቫይረስ የመጣ የኮርኒያ ቁስልን ያባብሳል።