የባንክ ደብዳቤዬን ለጻፉልኝ የደሴው ሒሳብ ባለሙያ ምስጋና

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን፣ ለእናንተም ለመጠቆም ነው። የዳቦ ቤቴ ብድር ተፈቀደ፣ አልሀምዱሊላህ። አዲሱ ምድጃ ተተክሎ ዳቦ እየወጣበት ነው። ለዚህ ያበቃኝ ከሒሳብ መግለጫዎቼ ጋር የገባ አንድ ገጽ ሸኚ ደብዳቤ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደብዳቤውን የጻፉት ሰውዬ ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ቢሯቸው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያዘጋጀልኝ ሌላ ሰው ነበር። ጥሩ ገንዘብ ተቀበለኝ። የጻፈው ደብዳቤ ግማሹ ልመና ነው። ልጆች አሳዳጊ መሆኔን፣ ኑሮ መወደዱን፣ ባንኩ ደግ መሆኑን ይተርካል። የምፈልገው ብር ስንት እንደሆነ የሚገኘው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ደብዳቤው ላይ ዓመታዊ ሽያጬን 4 ሚሊዮን ብር አደረገው፤ አባሪ ያደረገው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ግን 3.4 ሚሊዮን ይላል። የባንኩ የብድር ሠራተኛ ሁለቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ከበባቸውና «የትኛውን ልመን?» አለኝ። ቀጠለና የ2014ን ኪሳራ አሳየኝ። «ይሄስ? ሥራው ነው የከሰረው?» በደብዳቤው ውስጥ ስለዚያ ዓመት አንዲት ቃል አልነበረችም። ፋይሉ ተመለሰ። አዘጋጁ ጋ ስደውል «ባንኮቹ ሰበብ ፈልገው ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ያን ዕለት የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ ጋ የወሰደችኝ ኮምቦልቻ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ወረቀቶቼን ሁሉ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ገና ምንም ሳያነቡ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ማን የሚያነበው ይመስልሻል?» የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው አልኩ። «እሳቸውማ ያነቡታል። ግን የብድር ሠራተኛው ይተነትነዋል። ብሩ ከቅርንጫፉ ሥልጣን በላይ ከሆነ ደግሞ ዲስትሪክት ላሉ ሰዎች ይሄዳል። እነሱ አንቺንም ዳቦ ቤትሽንም አያውቁም። አንቺ በሌለሽበት የሚናገርልሽ ይሄ ወረቀት ብቻ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ከዚህች ንግግር የወጣ ነው።

ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ «የ1,500,000 ብር ብድር ጥያቄና የሦስት ዓመት የሒሳብ መግለጫዎች ማቅረብን ይመለከታል» ብለው ጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ አዲሱ ምድጃ በፕሮፎርማው መሠረት 2,000,000 ብር እንደሚያወጣ፣ 500,000ውን ከራሴ እንደማዋጣ፣ ቀሪውን በአራት ዓመት ከፍዬ እንደምጨርስ ይናገራል። በቃ። ልመና የለም፣ ውዳሴ የለም። ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ሳይመቻቹ የምፈልገውን አወቁት ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ያ የ2014 ኪሳራ ነው። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን የወሎ ሰው ያውቀዋል። የእኔም ዳቦ ቤት ተሰብሮ ተዘርፏል። እኔ ስለዚያ ጊዜ ማውራት አልፈልግም ነበር፤ ባንክ ፊት ደግሞ ጭራሽ አይነሳ ብዬ ነበር የማስበው። ጋሼ ግን መጀመሪያ ያብራሩት እሱን ነው። የጻፉትን ቃል በቃል ላስፍረው፦

«በ2014 በጀት ዓመት የታየው የ310,000 ብር ኪሳራ ከመደበኛው ሥራ የመጣ አይደለም። በጦርነቱ ወቅት የተዘረፉ የዱቄት ክምችት፣ ጄኔሬተርና የማቡኪያ ማሽን በድምሩ 560,000 ብር ከሒሳብ ተሰርዘዋል (ማስታወሻ 7 እና አባሪ 4 ይመልከቱ)። ይህ ጉዳት ባይደርስ ዓመቱ በ250,000 ብር ትርፍ ይዘጋ ነበር።»

ማስታወሻ 7 በሒሳብ መግለጫው ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው። አባሪ 4 ደግሞ ከቀበሌ የተሰጠኝ የጉዳት ማረጋገጫ ነው። «ቁጥሩን ያየ ሰው ጥያቄ ይመጣበታል፤ መልሱን እዚያው ካላገኘ የራሱን መልስ ይሰጣል» ነው ያሉኝ። በርግጥም በመጀመሪያው ማመልከቻ የሆነው ይኸው ነበር።

ሌላ ያስገረመኝ ነገር ኦዲትን ይመለከታል። የ2015 እና የ2016 መግለጫዎች በውጭ ኦዲተር ተመርምረዋል። የ2014ቱ ግን አልተመረመረም፤ ደረሰኞቹ ከነመደርደሪያቸው ስለጠፉ ጋሼ ከባንክ ዝርዝርና ለገቢዎች ካስታወቅኩት ተነስተው ነው ያጠናቀሩት። ይህንኑ በደብዳቤው ላይ በግልጽ አሰፈሩት። እኔ ደነገጥኩ። ለምን ራሳችንን እናጋልጣለን አልኳቸው። «ገልጠው ሲያዩት የኦዲተር አስተያየት እንደሌለው ያውቃሉ። ቀድመን ከነገርናቸው እውነተኛ ሰዎች ነን፤ እነሱ ካገኙት ደባቂዎች ነን» አሉ። ኦዲቱንም ራሳቸው አልሠሩትም። ሒሳቡን ያዘጋጀ ሰው መልሶ ራሱን መመርመር አይችልም ብለው ወደ ሌላ ፈቃድ ያለው ኦዲተር ላኩኝ። በዚህም ገንዘብ አጥተዋል እኮ! እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባንክ የሚፈልገው ብሬን እንዴት ትመልሺያለሽ ለሚለው መልስ ነው። በሒሳብ መግለጫው ውስጥ እኔ የማይገባኝ ብዙ ነገር አለ፣ እሱን ለባለሙያ ልተወው። ይህችን ግን ጋሼ ወረቀት ላይ እየጻፉ አስረድተውኛል።

የ2016 ትርፌ ከግብር በኋላ 690,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 110,000 ብር የማሽኖች የእርጅና ተቀናሽ ይመለስበታል፤ ምክንያቱም በሒሳብ ላይ ወጪ ተብሎ ቢጻፍም ከኪሴ የወጣ ብር አይደለም። 800,000 ሆነ። የአዲሱ ብድር ክፍያ በዓመት ወደ 520,000 ብር ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ጋሼ ግን «ከሥራው ላይ ለቤትሽ የምታወጪው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። በዓመት 180,000 ገደማ። እሱንም ቀነሱት። 620,000 ቀረ። ክፍያው ሲነሳለት 100,000 ብር ይተርፋል። አዲሱ ምድጃ የሚያመጣው ተጨማሪ ሽያጭ በዚህ ውስጥ የለም፤ «ያልተሸጠ ዳቦ አንቆጥርም» አሉ። ደብዳቤው ላይ የገባው ይህ ስሌት ነው፣ በአራት መስመር።

ትርፉን ትንሽ ከፍ እናድርገው ብለው የሚመክሩኝ ዘመዶች ነበሩ። ጋሼ አልሰሙም። ለገቢዎች ያስታወቅነውና ለባንክ የምናሳየው አንድ መሆን አለበት፣ ባንኩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያያቸዋል አሉ። ደብዳቤው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው እየያዙ ከመግለጫው ጋር አመሳከሩት። እኔ ፊት፣ አንድ በአንድ።

ከሁሉም በላይ ግን የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ደብዳቤው አልቆ ፈርሜ ማህተም ልመታበት ስል ወረቀቱን ወሰዱብኝ። «በይ አሁን እኔ ሥራ አስኪያጁ ነኝ። አስረጂኝ» አሉ። ተንተባተብኩ። እንደገና አሉኝ። የሚጠብቃቸው ደንበኛ ነበር፤ እሱንም ሻይ አዝዘውለት አስቀመጡት። እያንዳንዱን መስመር በራሴ ቃል እስክናገር ድረስ አለቀቁኝም። ስጨርስ «አሁን ደብዳቤው ያንቺ ሆነ» ብለው ማህተሙን ሰጡኝ። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሳንቲም አልጨመሩብኝም። እኔ እንደዚያ የታገሠኝ ሰው ከአባቴ በቀር አላውቅም።

ጥቅሙን ያየሁት በኋላ ነው። ከዲስትሪክት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ያ 560,000 ብር ምን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዱቄቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ማቡኪያውን ከነዋጋቸው ነገርኳት። «ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፣ አመሰግናለሁ» አለች። እጄ ሊጥ በሊጥ ሆኖ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እናቴ ይህን ሰምታ ቡና አፍልታ ጋሼን ካልመረቅኩ አለች። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ሰኞ ገበያ ዳቦ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ሁሉንም በቃሏ ትይዛለች። ጋሼ ቤታችን መጥተው ሲቀመጡ ደብዳቤውን ካላነበብክልኝ አለቻቸው። አነበቡላት። እያዳመጠች ጣቷን ታጥፋለች። መጨረሻ ላይ «መቶ ሺህ ትተርፋለች አልክ? ልክ ነህ» አለች። ጋሼ ከኦዲተሩ ይልቅ የእሷ ምስክርነት አስደሰታቸው መሰለኝ። ዱዓዋን አዥጎደጎደችላቸው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ እኔም አሜን እላለሁ።

እባካችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ለብድር ማመልከት ካሰባችሁ እኚህን ሰው አግኙ። ዋጋቸውን መጀመሪያ ይነግሯችኋል፣ ከዚያ ውጭ አይጨምሩም። ተአምር አትጠብቁ ታዲያ፤ መያዣ ለሌለው መያዣ አይፈጥሩም፣ የማይከፍል ሥራን የሚከፍል አያስመስሉም። እንዲያውም ጎረቤቴን «ዘንድሮ አትበደር፣ ክፍያው ይበልጥብሃል» ብለው መልሰውታል። እሱም እያመሰገናቸው ነው የወጣው።

ስትሄዱ የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያችሁን፣ የባንክ ዝርዝራችሁን፣ የማሽን ፕሮፎርማችሁንና ንግድ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በግብር ሥራ ስለሚጨናነቁ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ደብዳቤውንም ባንክ ስታስገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ ገቢ ማህተም አስመትታችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃቸዋለሁ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ።