ለ400 እንግዳ ሠርግ፦ መከራየት ወይስ መግዛት?

በወንበር እንጀምር። የአንድ ፕላስቲክ ወንበር ኪራይ በቀን 20 ብር፣ መግዣው 800 ብር ነው እንበል። ለ400 ሰው ኪራዩ 8,000፣ ግዢው 320,000 ብር ይሆናል። የተገዛው ወንበር ዋጋውን የሚመልሰው 40 ጊዜ ሲያገለግል ነው፤ አንድ ቤተሰብ ደግሞ 40 ሠርግ አይደግስም። እድር ግን ለለቅሶም ለድግስም ስለሚያወጣው መግዛቱ ያዋጣዋል። ስለዚህ አከራይ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እድራችሁን ጠይቁ።

ድንኳን መግዛት ከዚህም ይብሳል። ሸራው እርጥብ እንደሆነ ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ ማስቀመጫ ቦታም ይፈልጋል። ስትከራዩ የማጓጓዣውና የተከላው ሒሳብ፣ የሚሰበር ዕቃ ዋጋም በውሉ ላይ ይጻፍ። ወንበሩን ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ምግቡ ላይ ሚዛኑ ይለወጣል። ኬተሪንግ በሰው ስለሚያስከፍል፣ ለ400 ተዋውላችሁ 320 ሰው ቢመጣም ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ለ400 ነው። በሬ ገዝቶ፣ ወጥ ሠሪ ቀጥሮ ቤት መደገስ በአብዛኛው ይረክሳል፤ የተረፈውም የእናንተው ነው። ግን ሽንኩርት የሚልጥ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ዘመድ ጎረቤት ካላችሁ ቤት ደግሱ። ከሌላችሁ በኬተሪንግ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ ተዋዋሉና ለተጨማሪ ሰው የሚከፈለውን ዋጋ አስቀድማችሁ ቁረጡ።