ስሜን ተራሮች ላይ ሆኜ ፓስወርዴን ማን ይከፍታል? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፓስወርዶቼን ሁሉ ቢትዋርደን በሚባለው የፓስወርድ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጬ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የሚከፈልበትን ጥቅል የገዛሁት ግን በአንድ ነገር ምክንያት ብቻ ነው። እኔ አንድ ነገር ብሆን የማምነው ሰው ጥያቄ አቅርቦ፣ የተወሰነ ቀን ጠብቆ፣ ፓስወርዶቼ ያሉበትን ካዝናዬን እንዲከፍት የሚያስችለው፣ Emergency Access የሚባለው አገልግሎት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው መክፈል አለበት። ፈቃዱን የሚቀበለው ሰው ግን ነጻ አካውንት ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ሳስረዳት፣ «አንተ ልጅ፣ ክፉ አታውራ» አለችኝ። ሁለተኛው ጥያቄዋ «እኔም እከፍላለሁ?» ነበር።

አሠራሩ ሦስት እርምጃ አለው። በድረ ገጹ በኩል በኢሜይል እጋብዛታለሁ፤ እሷ ትቀበላለች፤ ከዚያ እኔ ተመልሼ ገብቼ Confirm እላለሁ። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። ያለዚያ ግን የተሠራ ነገር የለም። ምክንያቱም የካዝናዬ ቁልፍ እሷ ብቻ ልትፈታው በምትችልበት መንገድ በሕዝብ ቁልፏ ተመስጥሮ የሚቀመጠው በዚያች ቅጽበት ነው። Confirm ስል በሰረዝ የተያያዙ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይመጣሉ። እሷም በራሷ ቅንብር ውስጥ ያንኑ ታያለች። ስልክ ደውዬ አስነበብኳት። እየሳቀች አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ በመሃል ሌላ ሰው ገብቷል ማለት ነው፤ መተው ነበረብኝ።

ለእሷ የሰጠኋት View የሚባለውን ነው። ማየት ብቻ ነው የሚያስችለው። ሌላው አማራጭ Takeover ነው፤ አዲስ ማስተር ፓስወርድ፣ ማለትም የካዝናውን ዋና መክፈቻ፣ አውጥታ አካውንቱን ሙሉ በሙሉ ትረከባለች፣ የእኔ አሮጌ ፓስወርድ ይሞታል፣ ሁለተኛው የመግቢያ ማረጋገጫም ይጠፋል። በሕይወት ካለሁ ይህን መመለስ ራስ ምታት ነው። ማየት ይበቃታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የመጠበቂያ ጊዜው 1፣ 2፣ 7፣ 14፣ 30 ወይም 90 ቀን ነው። ሰው ሁሉ የሚመርጠው «እህቴ ስንት ቀን መጠበቅ ትችላለች?» ብሎ ነው። እኔ እንደገባኝ ግን ጥያቄው መሆን ያለበት «እኔ ስንት ቀን ኢሜይል ሳላይ እቆያለሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄ ሲቀርብ ኢሜይል ይደርሰኛል። ገብቼ Reject ካላልኩ፣ ቀኑ ሲሞላ በሩ በራሱ ይከፈታል። ዝምታዬ እንደ እሺታ ይቆጠራል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ዝም የሚያሰኝ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ፣ ከዚያ ራስ ዳሽን ደርሶ መመለስ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል። በመንገዱ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። እንበልና የእህቴን ማስተር ፓስወርድ አንድ ሌባ አገኘው። ሰኞ ጠዋት እኔ ከደባርቅ ስነሳ እሱ ጥያቄውን ይልካል። 7 ቀን ላይ አድርጌው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሰኞ እኔ ገና ተራራው ላይ ነኝ፤ እሱ ፓስወርዶቼን እያነበበ ነው። 14 ላይ ከሆነ ግን ወርጄ፣ ደባርቅ ሻይ እየጠጣሁ ኢሜይሌን አይቼ እከለክለዋለሁ። ስለዚህ 14 ነው የያዝኩት። እህቴንም አካውንቷ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካላደረግሽ ብዬ ወጥሬ ያዝኳት። የእሷ በር ደካማ ከሆነ የእኔም ደካማ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቀኑን የሚቆጥረው ሰርቨሩ ነው። ቁልፉ ለእህቴ ተመስጥሮ ከወዲሁ እዚያ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩ ቀኑ እስኪደርስ አይሰጣትም፣ ያ ብቻ ነው። ምስጠራው ራሱ ቀን አይቆጥርም።

የእኛ አገር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጥያቄ መላክ ትችላለች፣ ጎንደር ያለሁት እኔ ግን ማየት አልችልም። 14 ቀን ቀርቶ 30 ቀንም ላይበቃ ይችላል። 90 ቀን ማድረግ ይቻላል፣ ግን እግሬ ተሰብሮ ሆስፒታል ብተኛ ማን ሦስት ወር ይጠብቃል? ስለዚህ መጠበቂያው የሚረዳኝ ኔትወርክ እስካለ ነው። ሲጠፋ የሚቀረኝ የጋበዝኩት ሰው ታማኝነት ብቻ ነው። ለጓደኛ ያልሰጠሁት ለዚህ ነው።

ለሙከራ ቀኑን ወደ 1 አውርደን እህቴ እውነተኛ ጥያቄ ላከች። ቀኑን በኋላ መቀየር ይቻላል፣ እንደገና መጋበዝ አያስፈልግም። ማሳወቂያው ስፓም ውስጥ ነው የገባብኝ። ከዚያ ወዲህ ላኪውን ለይቶ ወደ ዋናው ሳጥን የሚያስገባ ማጣሪያ አድርጌለታለሁ። በማግስቱ ተከፈተላትና የጂሜይል ፓስወርዴን አነበበች። ልትገባ ስትሞክር ጉግል ኮድ ጠየቃት። ኮዱ የመጣው ጎንደር፣ በኪሴ ባለው ሲም ላይ ነው። «አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ እዚያው ነበር የምትቀረው።

ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ። እነዚያን ከፓስወርዱ ሥር ማስታወሻው ላይ ጻፍኳቸው። ፓስወርድና ኮድ አንድ ቦታ ማስቀመጥ የሚያስነቅፍ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱን ለያይቼ ብሞት እህቴ ግማሽ ቁልፍ ይዛ ነው የምትቀረው።

ሌላው ያልታያት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በጋራ ያስቀመጥናቸው ፓስወርዶች ናቸው። የጋራው ካዝና በዚህ መንገድ አይከፈትም፤ የግሌ ብቻ ነው። ለእኔ ችግር የለውም፣ ባልደረባዬ አለ። እንግዶች ነገ ጠዋት የሚደርሱበትን የቦታ ማስያዣ አካውንትም እዚያው ጋራው ውስጥ ነው ያደረግኩት። 14 ቀን የማይጠብቅ ነገር ከዚህ መቆለፊያ ጀርባ መቀመጥ የለበትም።

ቴሌብር ከሲሙ ጋር የታሰረ ስለሆነ ካዝናው ምንም አያደርግላትም። የባንክ ገንዘብም ቢሆን ከሞትኩ በኋላ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው የሚወጣው፣ በፓስወርድ አይደለም፤ እህቴንም እንዳትሞክር አስጠንቅቄያታለሁ። ለእሷ የሚቀርላት ኢሜይሉ፣ የእንግዶች ፎቶዎች፣ የድረ ገጻችን ዶሜይንና ያለብኝን ዕዳ የጻፍኩበት ፋይል ነው። ለዚያ ክፍያውን በሚቀጥለው ዓመትም አሳድሳለሁ። አንድ ነገር ቢጨመርበት ደስ ይለኝ ነበር፦ እህቴም ወንድሜም ተስማምተው ካልጠየቁ የማይከፈት ማድረግ። አሁን ሁለት ሰው መጋበዝ ይቻላል፣ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መክፈት ይችላሉ። ወንድሜን ያልጋበዝኩት ስለዚህ ነው።