የማኅተምና የቡና እድፍ «ማጥፊያ» አገልግሎት ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

በስካን ገጽ ላይ የታይፕ ጽሑፍን የሸፈነ ማኅተም ወይም የቡና እድፍ «ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን» በማለት በገጽ ልክ የሚያስከፍሉ አገልግሎቶች አሉ። ከእነዚህ ለአንዱ ከፍዬ የተረከብኩት ሥራ ምን እንደሚመስል፣ የተበላሸ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፣ እንዲሁም ይኸው ችግር በአብዛኛው ያለ ምንም ክፍያ እንዴት እንደሚፈታ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ማሳወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ገጹ በጥቁር ቀለም የታተመ የክፍያ ስምምነት ነው። ክብ ሐምራዊ ማኅተም በግርጌው ሁለት መስመሮች ላይ አርፏል፤ ከተሸፈኑት ቃላት መካከል ደግሞ የክፍያው መጠን ይገኛል። አገልግሎቱ የመለሰልኝ ገጽ በመጀመሪያ እይታ ማኅተም ነክቶት የማያውቅ ይመስል ነበር። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ 8 የሆነው አሃዝ በተመለሰው ገጽ ላይ 3 ሆኗል። ከሁሉ የከፋው አሃዙ ደብዛዛ ወይም አጠራጣሪ ሆኖ አለመቅረቡ ነው፤ ጥርት ብሎ የተጻፈ፣ ከጎኑ ካሉት አሃዞች የማይለይ 3 ነበር። ወረቀቱ በእጄ ባይኖር ኖሮ ስህተቱን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ቅሬታ ሳቀርብ «ማኅተሙ ከባድ ስለነበረ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ከባድ ከነበረ ቦታውን ደብዛዛ እንደሆነ መተው ወይም ክፍያውን አለመቀበል ይገባ ነበር እንጂ፣ የማይነበበውን አሃዝ በግምት ጽፎ መስጠት ማጽዳት ሊባል አይችልም።

የዚህ ዓይነቱን ሥራ ለመለየት ገጹን እስከ 400 ከመቶ አጉልቶ ማየት በቂ ነው። በስካነር የተነሣ ፊደል ጠርዙ ፈጽሞ እኩል አይደለም፤ የወረቀቱ ቃጫና የቀለሙ አነካክ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ትንሽ ልዩነት ይፈጥራሉ። ማኅተሙ በነበረበት ቦታ ያሉት ፊደሎች ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የተቆረጠ ከሆነ፣ ወይም አንድ ዓይነት ፊደል ሁለት ቦታ ላይ ነጥብ በነጥብ ተመሳስሎ ከተገኘ፣ ፊደሉ የተጻፈው በሌላ እጅ ነው። ሁለተኛው ምልክት የወረቀቱ መልክ ነው። የተቀረው ገጽ ቀላል ግራጫ ወይም ቢጫ ጥላ እያለው ማኅተሙ የነበረበት ቦታ ብቻ ጥርት ያለ ነጭ ከሆነ፣ ቦታው በነጭ ተሸፍኖ በላዩ እንደ አዲስ ተጽፎበታል ማለት ነው።

በእርግጥ አሃዝ የሚለወጠው ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዴቪድ ክሪሰል አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ 6ን በ8 እንደሚተኩ አሳይቶ ነበር። መንስኤው JBIG2 የሚባለው የፋይል ማሳነሻ ዘዴ ሲሆን፣ ይህ ዘዴ ተመሳሳይ መስለው የታዩትን ቅርጾች እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን ናሙና በሁሉም ቦታ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ የተመለሰ፣ መጠኑም እጅግ ያነሰ ፋይል ስትረከቡ አሃዞቹን አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ጋር ማመሳከር ይኖርባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በቀለም የተነሣ ስካን እያንዳንዱን ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይይዛል፤ እነርሱም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ፣ 0 ጨለማ ሲሆን 255 ሙሉ ብርሃን ነው። ሦስቱ ለየብቻ ሲታዩ ቻናል ይባላሉ። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን መልሶ ስለሚልክ በሰማያዊው ቻናል ውስጥ ወረቀት ወደ መምሰል ይጠጋል። ጥቁር ቀለም ግን ሦስቱንም ብርሃኖች ስለሚውጥ በሦስቱም ቻናሎች ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማኅተሙን የሚያደበዝዘው ይህ ልዩነት ነው፤ ለፊደሉ አዲስ ነገር አይጨመርለትም።

በእኔ ገጽ ላይ የተለኩት ቁጥሮች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። የማኅተሙ ቀለም በቀይ 110፣ በአረንጓዴ 80፣ በሰማያዊ 180 ገደማ ሲሆን፣ ጥቁሩ ፊደል በሦስቱም 40 አካባቢ ነው። ገጹ እንዳለ ወደ ግራጫ ቢለወጥ ሦስቱ ተመዝነው ስለሚደባለቁ ማኅተሙ 100 አካባቢ ይሆንና ከፊደሉ የሚለየው በ60 ብቻ ይሆናል። በሰማያዊው ቻናል ግን በፊደሉና በማኅተሙ መካከል 140 ያህል ርቀት አለ። አሃዙም በዚሁ ቻናል ያለ ምንም ጥርጥር 8 ሆኖ ተነቧል።

ሥራውን በነጻ በሚገኘው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም በጂምፕ ለመሥራት ፋይሉን ከፍታችሁ `Colors > Components > Extract Component` የሚለውን ትመርጡና `RGB Blue` ላይ ታደርጉታላችሁ። ቀጥሎ `Colors > Levels` ውስጥ የጥቁሩን ወሰን ወደ 60፣ የነጩን ወሰን ደግሞ ወደ 185 ታመጣላችሁ። ከ60 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ከ185 በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ 180 ላይ የነበረው ማኅተምም በቀላሉ የማይታይ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ትእዛዝ መጻፍ ለሚቀናው ሰው ኢሜጅማጂክ ተመሳሳዩን ሥራ በአንድ መስመር ይሠራል፦

```
magick page.png -channel B -separate +channel -level 24%,73% clear.png
```

ለቀይ ማኅተም `B` የሚለውን በ `R`፣ ለአረንጓዴ ማኅተም ደግሞ በ `G` መተካት ብቻ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ግን የእኔ ገጽ ቁጥሮች ናቸው፤ በራሳችሁ ገጽ ላይ ማኅተሙንና ፊደሉን በቀለም መልቀሚያው ነክታችሁ ያገኛችሁትን መጠቀም አለባችሁ።

የነጩን ወሰን ማኅተሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ የማድረግ ፈተና አለ፤ ሻጮቹም የሚወድቁበት እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ደንበኛው የሚያየው የጥላውን መጥፋት እንጂ የፊደሉን መጎዳት አይደለም። የፊደል ጠርዝ ከጥቁር ወደ ወረቀቱ የሚሸጋገረው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ፣ ወሰኑ በወረደ ቁጥር ቀጫጭን መስመሮች ከዳር እየተበሉ ይሄዳሉ። በእኛ ፊደል ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። ቡ ከበ፣ ቢ ከባ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያና በእግር ርዝመት ስለሆነ፣ ቅጥያው ሲበላ ቃሉ ሌላ ቃል ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ቀላል ጥላ ትቶ ፊደሉን ሙሉ ማቆየት ይሻላል።

ቡና ከማኅተም በተቃራኒ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፣ ቀዩን ግን በአብዛኛው ይመልሳል። በመሆኑም ለቡና እድፍ የሚመረጠው ቀዩ ቻናል ነው፤ በሰማያዊው ቻናል እድፉ እንዲያውም ይጠቁራል። አስቸጋሪው ክፍል የቀለበቱ ዳር ነው። የፈሰሰው ቡና ሲደርቅ ፈሳሹ ወደ ዳር እየተሳበ ጥቃቅኑን ብናኝ ይዞ ስለሚሄድ፣ ዳሩ ከመሐሉ ይልቅ ብዙ ቀለም ያጠራቅማል። በቀዩ ቻናል መሐሉ 200 ሲሆን ዳሩ 140 ሊሆን ይችላል። ለመሐሉ የሚስማማው የነጭ ወሰን ዳሩን አይነካውም፣ ለዳሩ የሚስማማው ደግሞ በመላው ገጽ ላይ ያሉትን ፊደሎች ያሳሳል። መፍትሔው ቀለበቱን ብቻ በምርጫ መሣሪያ ከልሎ ለእርሱ የተለየ ወሰን መስጠት ነው። የክልሉ ጠርዝ በፊደል ላይ የሚያልፍ ከሆነ በ `Select > Feather` ማለስለስ ይገባል፤ አለበለዚያ በፊደሉ መካከል ስንጥቅ የሚመስል መስመር ይታያል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀለሙ በፋይሉ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። በግራጫ ወይም በጥቁርና ነጭ የተነሣ ስካን ሦስቱን ቁጥሮች አጥቷል፤ ከእርሱ ማኅተሙን በቀለሙ ለይቶ ማውጣት ለማንም አይቻልም። ስለዚህ በቀለም፣ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ፣ ለደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ በ600 ማንሣትና በ PNG ወይም በ TIFF ማስቀመጥ ያስፈልጋል። JPEG ብዙውን ጊዜ የቀለሙን ዝርዝር በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ቻናሉ ሲወጣ በፊደሎቹ ዙሪያ ደብዛዛ ጥላና ባለ አራት ማዕዘን ጉድፍ ይታያል። በስልክ መልእክት መላኪያ የሄደ ምስልም እንደገና ስለሚጨመቅ ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስበታል።

ማኅተሙ ራሱ ጥቁር ከሆነ ወይም ጽሑፉ በሰማያዊ ካርቦን የተገለበጠ ሆኖ ማኅተሙም ሰማያዊ ከሆነ፣ በቻናሎቹ መካከል የሚረባ ልዩነት አይኖርም። አንዳንድ የማኅተም ቀለሞች ከቀይ ባሻገር ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ያሳልፋሉ፤ የሌዘር ማተሚያ ጥቁር ዱቄት ግን ይውጠዋል። ሆኖም ይህን ለመጠቀም ወረቀቱን ራሱን ለዚህ በተሠራ ካሜራ ማንሣት ይጠይቃል። ከተላከለት ፋይል ይህን አወጣለሁ የሚል ሻጭ የሌለውን እየሸጠ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስቱን ቻናሎች ራሳችሁ ክፈቱና ተመልከቱ። ፊደሉ ከሦስቱ በአንዱ የሚነበብ ከሆነ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የሚያስከፍል አይደለም። በሦስቱም የማይነበብ ከሆነ ግን ከዚያ ፋይል የሚቀርብላችሁ ማንኛውም ጥርት ያለ ፊደል ግምት ነው። አገልግሎቱን የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የትኛውን ቻናል እንደተጠቀሙና ፊደል እንደ አዲስ መጻፍ አለመጻፋቸውን በጽሑፍ እንዲገልጹ ጠይቁ። ሙሉውን ስምምነት ወይም መታወቂያ ከመላክ ይልቅ የተሸፈኑትን መስመሮች ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ፤ ለማያውቁት ሰው ስምና ፊርማ ያለበትን ገጽ መስጠት ከእድፉ የባሰ ጣጣ ያመጣል። የጠራው ቅጂ ለንባብ ብቻ ይሁን፤ ለማንኛውም አካል ስታስገቡ ማኅተሙ ያለበትን የመጀመሪያውን ስካን አያይዙ፣ ማኅተሙ የደበዘዘበት ገጽ ብቻውን ሲቀርብ የተነካካ ሰነድ ተብሎ ውድቅ ሊደረግ ይችላልና።